ለአንድ የፍሪሲዮን ዲስክ 14 ሺህ ብር የእጅ ዋጋ?

ጥያቄ፦ «የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፣ ማንዋል ናት። ከአዳማ ወደ አዲስ ስወጣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትፈጥንም፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ጋራዥ ፍሪሲዮን ነው ብሎ ፕሮፎርማ ሰጠኝ፦ ኦሪጅናል ፍሪሲዮን ሙሉ ሴት 34,000፣ ቮላኖ ቶርኖ ቤት 3,000፣ የካምቢዮ ዘይት 4 ሊትር 4,800፣ ልዩ ልዩ 2,500፣ የእጅ ዋጋ 14,000፣ ቫት 8,745፤ ድምር 67,045 ብር። የሰፈሬ መካኒክ ግን ዲስኩን ብቻ ቀይሬ በ26,000 ጨርሼ እሰጥሃለሁ ይላል። ሱቅ ስጠይቅ ደግሞ አይሲን የሚባል ሴት 22,000፣ ኮፒ 11,000 አሉኝ፣ ሁለቱም ከቫት በፊት። ለአንድ ዲስክ 14 ሺህ የእጅ ዋጋ ምንድነው? ጋራዡ እየሸወደኝ ነው?»

የእጅ ዋጋው ላይ አልተሸወድክም። ይህ ፕሮፎርማ የሚያጠራጥር ነገር አለው፣ ግን አንተ የተናደድክበት መስመር ላይ አይደለም። አንተ ያላየኸው ዘይቱ ላይና «ኦሪጅናል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ችግሩ በእውነት ፍሪሲዮን መሆኑን እናረጋግጥ። የተናገርከው ምልክት ትክክል ይመስላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይከተልም፣ ይሸታል፤ ይህ ዲስኩ ይዞ መቆየት አቅቶት ሲንሸራተት ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ ወደ 50 ገደማ እየሄድክ ነዳጁን አንዴ ጠበቅ አድርገህ ርገጥ። የሞተሩ ዙር ዘሎ ከወጣና ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ አለቀ፣ እሱ ነው። ደጋግመህ አትሞክረው፣ ዲስኩ ላይ የቀረውን ሸራ ትጨርሰዋለህ። ችግርህ ማርሽ አልገባ ማለት ወይም ፔዳሉ ወለል ድረስ መውረድ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር። የኮሮላ ፍሪሲዮን በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ የላይኛው ወይም የታችኛው ፓምፕ ያፈሳል፣ እሱን ለማስተካከል ካምቢዮ አይወርድም። ካምቢዮ አስወርደው ፓምፕ ሆኖ የተገኘባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ያንተ ግን እዚያ ውስጥ አይደለም።

አሁን ወደ 14 ሺሁ። ዲስኩ የምሳ ሳህን የምታክል ነገር ነው፣ ስታየው ለዚህ ይህን ያህል ብር ማለትህ አይገርምም። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። በሞተርና በካምቢዮ መሃል ተቀብሯል። እሱ ጋ ለመድረስ ባትሪው ይፈታል፣ የካምቢዮ ዘይት ይፈሳል፣ የፊት ጎማዎች ወጥተው ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄዱት ሁለቱ ሻፍቶች ይነቀላሉ። ቀጥሎ የማርሽ ገመዶቹ፣ ሞተሪኖው፣ የፍሪሲዮኑ የታች ፓምፕ፣ ካምቢዮውን ከሻንሲው የያዙት ጎማ መደገፊያዎች። ሞተሩ በአንድ በኩል ድጋፍ ያጣልና ከላይ ይታሰራል ወይ ከታች በክሪክ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ነው ካምቢዮው ተጎትቶ የሚወርደው። ይህ ሁሉ ሆኖ ዲስኩን መቀየሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ከረዳቱ ጋር፣ ማንሻ ባለው ጋራዥ፣ 5 ወይም 6 ሰዓት ይወስድበታል። መሬት ላይ ተኝቶ የሚሠራ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ነው፣ ብሎኑ ከዛገ ደግሞ እስከ ነገ ያድራል።

ስለዚህ የእጅ ዋጋው የእቃው መጠን ወይም ዋጋ ጥገኛ አይደለም። የምትከፍለው ለመክፈትና ለመግጠም ነው። 11,000 ብር ኮፒ ብታስገባም 34,000 ብር ኦሪጅናል ብታስገባም መክፈቻው ያው ነው። ይህን ከያዝክ የቀረው ፕሮፎርማ በሙሉ በራሱ ይነበብልሃል። አንዴ ከተከፈተ ውስጥ የምትተወው ያረጀ ነገር ሁሉ ሌላ መክፈቻ ያስከፍልሃል።

የሰፈርህ መካኒክ ሐሳብ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ሙሉ ሴት የሚባለው ሦስት ነገር ነው። ሸራ ያለበት ዲስክ፣ ዲስኩን ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖ ላይ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት፣ ፔዳል ስትረግጥ ፕሬዠሩን የሚገፋው ኩሽኔታ። ሦስቱም አንድ ላይ ነው ያረጁት፣ የሄዱት ኪሎ ሜትር እኩል ነው። ዲስኩ ሲንሸራተት የወጣው ሙቀት የፕሬዠሩን ፊት አበላሽቶታል፣ ስፕሪንጉም እንደ ድሮው አይጫንም። አዲስ ሸራ በደከመ ፕሬዠር ላይ ማለት ለጥቂት ጊዜ ደህና ሄዶ መነሻ ላይ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ተመልሶ መንሸራተት ነው። ኩሽኔታው ከሦስቱ ርካሹ ነው፤ ግን ሲጮኽ ለእሱ ብቻ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። ሰውየው ሌባ ነው አላልኩም። ኪስህን አይቶ ይሆናል። ግን ዛሬ ቁጠባ የሚመስለውን ዓመት ሳይሞላ ትከፍለዋለህ።

ቀጥሎ ያቺ ቃል። «ኦሪጅናል» ፕሮፎርማ ላይ ሲጻፍ ምንም ማለት አይደለም። አንዱ ባለሱቅ በቶዮታ ካርቶን የመጣውን ኦሪጅናል ይላል፣ ሌላው የጃፓን የሆነውን ሁሉ፣ ሌላው ደግሞ ከትናንቱ የተሻለውን። አንተም ሱቅ ሄደህ አይሲንን ከኦሪጅናሉ የተለየና ዝቅ ያለ ነገር አድርገህ የሰማኸው ይመስለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቶዮታ ፍሪሲዮን ራሱ አይቀጠቅጥም፣ ከአቅራቢ ፋብሪካዎች ይገዛል። አይሲን ከዋናዎቹ አንዱ ነው፣ ኤክሴዲም ለጃፓን መኪና አምራቾች የሚያቀርብ ነው። በቶዮታ ካርቶን ገብቶ በቶዮታ ቁጥር ሲሸጥ ጄኒውን ይባላል። ያው ፋብሪካ በራሱ ካርቶን ሲሸጠው ዋጋው ይወርዳል። የምትከፍለው ልዩነት ለካርቶኑ፣ ለቶዮታ ቁጥጥርና ለወኪሉ ዋስትና ነው። ይህ ዋጋ የለውም አልልም፣ በተለይ ከወኪሉ በደረሰኝ ከገዛኸው። ግን ለ20 ዓመት ኮሮላ 12 ሺህ ብር ጭማሪ ይገባዋል ወይ ካልከኝ፣ አይገባውም።

ከዚህ በታች ያለው «ኮፒ» የሚባለው ራሱ አንድ ነገር አይደለም። የራሱን ስም ለጥፎ የሚሸጥ፣ ደህና የሚሠራ አምራች አለ፤ ስም የሌለው ካርቶንም አለ። ኮፒ ሁሉ መጥፎ ነው የሚል መካኒክ ካገኘህ ወይ አያውቅም ወይ ኮሚሽን አለው። የአየር ማጣሪያ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የበር እጀታ ኮፒ ግዛ፣ ቢበላሽ በአምስት ደቂቃ ትቀይረዋለህ። ካምቢዮ ለሚያስወርድ እቃ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በራስህ ቁጥር እንየው። ከአይሲን ይልቅ ኮፒውን ብትወስድ 11,000 ትቆጥባለህ፣ ከነቫቱ 12,650። ኮፒው አንዴ ቢከዳህ የእጅ ዋጋው 14,000፣ አዲስ የካምቢዮ ዘይት 2 ሊትር 2,400፣ ከነቫቱ 18,860 ትከፍላለህ። ይህ እንግዲህ የሚገባውን አዲስ እቃ ሳንቆጥር ነው። ስም የሌለው ኮፒ ላይ እኔ በራሴ ገንዘብ አልወራረድም።

ከሁሉም የከፋው ግን ኮፒ መሆኑን የማይናገረው ነው። በቶዮታ ወይም በአይሲን ካርቶን የሚመጣ የውሸት እቃ። እኔ ራሴ አንዴ ተበልቻለሁ። ደንበኛ ይዞት የመጣውን ሳይሆን እኔ ራሴ ያስመጣሁትን ሴት ነው የገጠምኩት፣ ካርቶኑ ንጹሕ፣ ማኅተሙ የሚያብለጨልጭ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኩሽኔታው እንደ ቁራ መጮኽ ጀመረ። ካምቢዮውን በነጻ አወረድኩ፣ ቀኔን በላ። የሸጠልኝ ሱቅ ካርቶኑን አይቶ «የኛ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ካርቶን አላምንም፣ ብረቱን ነው የማየው። ፕሬዠሩ ላይ የአምራቹ ምልክት በብረቱ ውስጥ ተቀርጾ ወይም ተመትቶ መሆን አለበት፣ በቀለም ብቻ መሆን የለበትም። የሸራው ሪቬቶች እኩል ጥልቀት ይኖራቸዋል። መሃል ያሉትን ስፕሪንጎች በእጅህ ነቅነቅ ስታደርጋቸው መንኳኳት የለባቸውም። ኩሽኔታውን በጣትህ አዙረው፣ በቅባት ውስጥ እንደሚዞር ዝም ብሎ ከብዶ ይዞራል። እየተንሿሿ ለረጅም ጊዜ ከዞረ ቅባት የለውም።

አንድ ሌላ ማረጋገጫ አለ፣ ከካርቶኑም የሚሻል። ቁጥሩ ነው። የቶዮታ መለዋወጫ ቁጥር መጀመሪያ ያሉት አምስት አሃዞች የእቃውን ዓይነት ይናገራሉ። የፍሪሲዮን ዲስክ 31250፣ ፕሬዠሩ 31210፣ ኩሽኔታው 31230 ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ የሚከተሉት አምስቱ ለየትኛው ሞተርና ካምቢዮ እንደሆነ ይለያሉ። «የ2004 ኮሮላ» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ በአንድ ዓመት የወጡ ኮሮላዎች የተለያየ ሞተር አላቸው፣ የዲስኩ ስፋትና መሃሉ ላይ ያለው ጥርስ ቁጥርም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ባለጋራዡ በሻንሲ ቁጥርህ ትክክለኛውን ቁጥር አውጥቶ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፈው። «ኦሪጅናል» የሚለው ይሰረዝና የአምራቹ ስምና ቁጥሩ ይግባ። አልጽፍም ካለህ ምን ሊገጥምልህ እንደሆነ ራሱም አልወሰነም ማለት ነው።

ዘይቱ ጋ ልመለስ። የኮሮላ ማንዋል ካምቢዮ የሚይዘው 2 ሊትር ገደማ ነው። ጎኑ ላይ ባለ መሙያ ቀዳዳ ጫፍ እስኪደርስ ነው የሚሞላው፣ ከዚያ በላይ ብትጨምር በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይፈሳል። 4 ሊትር የት ሊያስገባው ነው? ምናልባት በባለ 4 ሊትር ጀሪካን ስለሚገዛ ሙሉውን አንተ ላይ ጽፎት ይሆናል። ያን ጊዜ የተረፈውን ይዘህ ሂድ፣ ወይ 2 ሊትር ብቻ ያስከፍልህ። ዓይነቱንም ጠይቅ፣ 75ደብሊው90 የማርሽ ዘይት መሆን አለበት፤ የሞተር ዘይት እንዳይሞሉልህ። «ልዩ ልዩ» የሚለው 2,500ም ይዘርዘር። የፍሬን ማጽጃ፣ ትንሽ ቅባት፣ ለታች ፓምፑ የሚጨመር የፍሬን ዘይት ይገባዋል። ያ ሁሉ ተደምሮ 1,000 ገደማ ነው ካሉህ እሺ በል። ከዚያ በላይ ከሆነ ስሙን ይንገሩህ።

ቮላኖው ላይ ግን ሰዎቹ ልክ ናቸው፣ ወይም ግማሽ ልክ ናቸው። ሲንሸራተት የቆየ ፍሪሲዮን ቮላኖውን ያቃጥለዋል። ሰማያዊ ነጠብጣብና ስንጥቅ የመሰሉ መስመሮች ታያለህ። ቶርኖ ቤት ስስ አድርገው ይልጡታል። ስንጥቁ ከጠለቀ ግን አይላጥም፣ ይቀየራል። ካምቢዮው ሳይወርድ ይህን ማንም አያውቅም። ስለዚህ 3,000ው ካስፈለገ የሚከፈል እንጂ የግድ የሚከፈል አይደለም፣ ፕሮፎርማው ላይም እንደዚያው ተብሎ ይጻፍ።

ካምቢዮው ሲወርድ የሚታየው ሌላው ነገር ዘይት መፍሰስ ነው። ዲስኩ ያለቀው በእድሜ ነው ወይስ የሞተሩን ዘይት የሚያግደው የኋላ ኦይል ሲል አርጅቶ ዘይት እየተፋበት? ውስጡ ደረቅና ጥቁር አቧራ ብቻ ከሆነ በእድሜ ነው። እርጥብ ከሆነ ሲሉ ይቀየር፣ አለበለዚያ አዲሱ ሸራም ዘይት ጠጥቶ ይንሸራተታል። እዚህ ጋ ተጠንቀቅ፦ ሲሉን ለመቀየር ካምቢዮው ቀድሞ ወርዷል። የተጨማሪ ሥራው እጅ ዋጋ ቮላኖውን ፈትቶ ለመግጠም የሚሆን ትንሽ ጭማሪ እንጂ ሌላ ሙሉ የማውረጃ ዋጋ አይደለም። ሁለት ጊዜ ያወረዱ አስመስለው የሚጽፉ አሉ። ሳይደውሉልህ ምንም እንዳይጨምሩ ከወዲሁ ንገራቸው፣ ሲደውሉ ደግሞ ፎቶ አስልክ። አዳማ ውስጥ ከሆንክ ራስህ ብትሄድ ይሻላል፣ ከታች ገብተህ በዓይንህ ታያለህ።

ራሴ ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዝቼ ባመጣስ ማለትህ አይቀርም፣ ፈጣን መንገዱ ቅርብ ነውና ሁሉም እንደዚያ ያስባል። ትችላለህ። ግን እቃው ቢበላሽ ባለሱቁ «አገጣጠሙ ነው» ይላል፣ መካኒኩ «እቃህ ነው» ይላል፣ አንተ መሃል ትቀራለህ። ጋራዡ ራሱ ካመጣው ትርፍ ይጨምርበታል፣ ይህ ሌብነት አይደለም። ያ ትርፍ ለዋስትና ይሁን። ስድስት ወር ወይም 10,000 ኪሎ ሜትር፣ እቃውንም የእጅ ዋጋውንም የሚሸፍን ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ዋስትናው እቃውን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ለፍሪሲዮን ትርጉሙ ግማሽ ነው። ያገለገለ ፍሪሲዮን ግን፣ ከተገነጠለ መኪና የወጣ፣ በነጻም አትቀበል። ያገለገለ በር ግዛ፣ ያገለገለ ካምቢዮ እንኳ አይተህ ግዛ፣ ሸራ ግን አይደለም።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሁለተኛውን ሰው ተወው፣ ከመጀመሪያው ጋራዥ ጋር ተነጋገርና ፕሮፎርማውን አስተካክለው። አይሲን ወይም ኤክሴዲ ሙሉ ሴት 22,000፣ ዘይት 2 ሊትር 2,400፣ ልዩ ልዩ 1,000፣ የእጅ ዋጋ 14,000፣ ቮላኖ ካስፈለገ 3,000። 42,400 ይሆናል፣ ቫቱ 6,360፣ ድምሩ 48,760 ብር። ከተጻፈልህ 18 ሺህ ብር ያነሰ ነው፣ ከሥራው ግን አንድም ነገር አልተቀነሰም። ጋራዡ አይሲኑ ላይ ሁለት ሦስት ሺህ ትርፍ ቢጨምር ለዋስትናው ብለህ እለፈው። ዋጋው ግን ሳምንት ላይቆይ ይችላል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ሱቆች የዛሬ ዋጋ ነው የሚሉህ፣ ስለዚህ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚሠራ ይጻፍበት።

መኪናዋን ልትወስድ ስትሄድ የወጣውን ዲስክ፣ ፕሬዠርና ኩሽኔታ አምጡ በላቸው። ከመግባቷ በፊት ተናገር እንጂ ያኔ «ጥለነዋል» ይሉሃል። ባዶ ካርቶኖቹንም ያዝ፣ ቁጥሩ ፕሮፎርማው ላይ ካለው ጋር ይገጥም። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ቀስ ብለህ ንዳት፣ አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ። ማግስቱን ቤተሰብ ጭነህ ወደ አዲስ ያንን ዳገት እንዳትወጣ።